ቀበርቾ፦ ሥሩ የሚቆፈር የዱር መድኃኒት ተክል ሲገዛ መደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

ተክሉና ሥሩ

ቀበርቾ እየተባለ በገበያ የሚሸጠው ደረቅ ሥር የሚገኘው ከአንድ እሾሃም ተክል ነው። ተክሉ በሳይንሳዊ መጠሪያው ኤኪኖፕስ ከበሪቾ ይባላል። ወገኑ ከኑግና ከሱፍ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር በቅሎ አይገኝም። ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀና ጫፉ እሾህ የሆነ፣ አበባውም እንደ ኳስ የተድበለበለ ነው። ሣር በበዛበት ተዳፋትና ዛፍ ተራርቆ በቆመበት ዱር ይበቅላል። ለብዙ ዓመት የሚኖር ተክል በመሆኑ በየጊዜው የሠራውን ምግብ ከመሬት በታች በወፍራም ሥሩ ያከማቻል። ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ሥር ነው።

ሥሩ ሲሰበር ጠንከር ያለ ሽታ አለው። ሽታው የሚመጣው በውስጡ ካለው ተናኝ ዘይት ነው። ሕዝቡ ሥሩን በከሰል ላይ እያጤሰ ለራስ ምታትና ለትኩሳት ይታጠንበታል፤ አራስ ያለችበትን ቤት ያጥንበታል፤ እባብ ለማባረር ያጤሰዋል፤ ሆዱን ሲያመውም ያኝከዋል። በቤተ ሙከራ በተደረጉ ጥናቶች ዘይቱ አንዳንድ ተሕዋስያንን እንደሚያዳክም ታይቷል። ይህ ማለት ግን በሽታን ያድናል ተብሎ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ስለ ፈዋሽነቱ ሳይሆን ስለ አቅርቦቱ ነው።

ከዱር የሚሰበሰቡ መድኃኒት ተክሎች ሁሉ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። ጦስኝን ለምሳሌ እንውሰድ። ጦስኝም የአገራችን ደጋ ተክል ነው፤ የሚፈለገው ግን ቅጠሉና ለጋ ቅርንጫፉ ነው። ሰብሳቢው በማጭድ ከመሬት ከፍ አድርጎ ቢያጭደው ተክሉ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጉዳት የሚደርሰው ቸኩሎ በእጁ ሲነቅለው ነው። ስለዚህ ለጦስኝ ገዢ ዋናው ነገር የአሰባሰቡ መንገድ ነው። በእስሩ ግርጌ እንጨት የሆነ ግንድና አፈር የያዘ ሥር ካየ ተክሉ እንደ ተነቀለ ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን እስር አለመግዛትም ይችላል።

ቀበርቾ ግን በቀስታ ቢቆፈርም በችኮላ ቢቆፈርም ውጤቱ ያው ነው። ሥሩ ሲወጣ ተክሉ ይሞታል። ድንገተኛም የሚሸጠው ሥሩ ስለ ሆነ እንዲሁ ነው። ለእንዲህ ያሉት ተክሎች «በጥንቃቄ የተሰበሰበ» የሚለው ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ስንት ተክል ሞተ? በምትካቸውስ ስንት በቀለ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በቁጥር እንዴት መመለስ እንደሚቻል ወደ ታች እናያለን።

ገበያው ሳይጎድል ተዳፋቱ ስለሚራቆትበት ምክንያት

አንድ ተክል ከዱር ሲመናመን በመጀመሪያ የሚያውቀው ገበያው ይመስለናል። በእውነቱ ገበያው ከሁሉም በኋላ ነው የሚያውቀው። ምክንያቱም ሰብሳቢው በቅርቡ ያለው ሲያልቅበት ወደሚቀጥለው ተዳፋት ይሄዳል፤ ያም ሲያልቅ ወንዝ ተሻግሮ ይቆፍራል። ገበያ የሚደርሰው ጆንያ ብዛቱ አይለወጥም። የሚለወጠው ጆንያው የመጣበት ቦታ ነው። ነጋዴው ቦታውን ካልጠየቀ «ቀበርቾ እንደ ድሮው ሞልቷል» ይላል፤ አልዋሸም፣ የሚያየው ጆንያውን ብቻ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቆፋሪው የሚመርጠው ትልቁን ተክል መሆኑ ነው። ለአንድ ጉድጓድ ለሚያወጣው ጉልበት ወፍራም ሥር ይሻለዋል። ወፍራም ሥር ያለው ተክል ግን ብዙ አበባ የሚይዘውና ዘር የሚጥለው ተክል ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ሲያልቁ ተዳፋቱ ለጊዜው አረንጓዴ መስሎ ይቆያል፤ ትንንሾቹ አሉና። ይሁን እንጂ ዘር የሚጥል እናት ስለ ጠፋ በሚቀጥሉት ዓመታት አዲስ ቡቃያ አይታይም። በዚህ ላይ መሬቱ ለእርሻ ሲታረስ ወይም ከብት ቡቃያውን ሲረግጠው መመናመኑ ይፋጠናል። ጥፋቱን ሁሉ በቆፋሪው ላይ ብቻ መጫን ትክክል አይሆንም፤ ማረሻም ድርሻ አለው።

የልማት ሠራተኛው መመናመኑን ሳይዘገይ ለማወቅ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ሰብሳቢዎቹ ከአምስት ዓመት በፊት ስንት ሰዓት ሄደው ይቆፍሩ እንደ ነበርና ዛሬ ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን ስንት ኪሎ እርጥብ ሥር ያወጡ እንደ ነበርና አሁን ስንት እንደሚያወጡ። ሦስተኛ፣ የሥሩ ውፍረት። ይህን ሦስተኛውን በቃል ብቻ አይቀበል፤ በመጋዘን ካለው ጆንያ ላይ በእጁ ለክቶ ይመዝግብ። መንገዱ እየረዘመ፣ የቀን ምርቱ እየቀነሰ፣ ሥሩም እየቀጠነ ከሄደ፣ የሚገዛው ክምችት ካለፉት ዓመታት የተረፈ ቅሪት ነው ማለት ነው። አዛውንት ሴቶችን መጠየቅ ይጠቅማል። ለአራስ ቤት ቀበርቾ የሚፈልጉት እነሱ ስለሆኑ ዱሮ ከደጃቸው ይገኝ የነበረው ከየት መምጣት እንደ ጀመረ ያስታውሳሉ።

ከአንድ ተዳፋት ስንት ኪሎ ሊገዛ ይችላል?

ከዚህ በታች ያለው ስሌት ማንኛውም የኅብረት ሥራ ማኅበር በገመድ፣ በሚዛንና በደብተር ሊሠራው የሚችል ነው። ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማስተማር የተወሰዱ እንጂ በአንድ ቦታ የተለኩ አይደሉም። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ቁጥር ማግኘት ይኖርበታል።

በመጀመሪያ አንድ ኪሎ ደረቅ ቀበርቾ ስንት ተክል እንደሆነ ይታወቅ። ሥሩ በገበያ ተቆራርጦ ስለሚመጣ ቁርጥራጩን ቆጥሮ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከሰብሳቢዎች ጋር ሄዶ፣ እነሱ በተለመደው መንገድ መርጠው የቆፈሯቸውን 10 ተክሎች ሥር ለብቻ አድርጎ ማድረቅና መመዘን ነው። የ10 ተክል ደረቅ ሥር 2 ኪሎ ቢመዝን አንድ ኪሎ ማለት 5 ተክል ነው። ማኅበሩ በዓመት 6 ኩንታል የሚገዛ ከሆነ 600 ኪሎ በ5 ሲባዛ 3000 ተክል ይሆናል። ብዙ የማኅበር አመራር አባላት ግዢያቸውን በዚህ መልክ አስበውት አያውቁም። ኩንታል የሚለውን ቃል ወደ ተክል ቁጥር መለወጡ ብቻ ክርክሩን ግማሽ ያቀለዋል።

ቀጥሎ በተዳፋቱ ላይ ያለው ይቆጠር። ቆጠራው ተክሉ ከሣሩ ተለይቶ በሚታይበት፣ ማለትም አበባ ይዞ በቆመበት ጊዜ ይደረግ። 100 ሜትር የሆነ ገመድ ከዳገቱ ግርጌ ወደ ላይ ይዘረጋል። ሁለት ሰዎች በገመዱ ግራና ቀኝ እየሄዱ እያንዳንዳቸው እስከ 2 ሜትር ርቀት ድረስ ያለውን ቀበርቾ ሁሉ ይቆጥራሉ። ይህ 400 ካሬ ሜትር ነው። በተለያየ ቦታ አሥር ጊዜ ቢደገም 4000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የሄክታር አራት አሥረኛ ይሆናል። ገመዱ የሚዘረጋበትን ቦታ ሰብሳቢው አይምረጥ። እንግዳ ሲመጣበት ተክል ወደሞላበት ቦታ መውሰድ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። በእኩል ርቀት መዝለቅ ይሻላል፤ ባዶ ቦታ ላይ ቢያርፍም «ዜሮ» ተብሎ ይመዝገብ። ባዶውን መዝለል ስሌቱን በሙሉ ያበላሸዋል።

ሲቆጠር ተክሎቹ በሦስት ይከፈሉ። አበባ የያዙ፣ አበባ ያልያዙ ግን የጠነከሩ ወጣቶች፣ እና ገና የበቀሉ ቡቃያዎች። በአሥሩ መስመር 36 አበባ የያዙ፣ 20 ወጣቶችና 12 ቡቃያዎች ተገኙ እንበል። ቀበርቾ የሚበቅልበት የተዳፋቱ ስፋት 60 ሄክታር ቢሆን፣ በሄክታር 90 አበባ ያዥ ስለሚደርስ በጠቅላላው 5400 ይሆናል። ወጣቶቹም በሄክታር 50፣ በጠቅላላው 3000 ይሆናሉ።

አሁን ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል። ማኅበሩ በዓመት 3000 ትልልቅ ተክል ቢያስቆፍር፣ ያሉት 5400 ሁለት ዓመት እንኳ አይሞሉም። መተኪያዎቹስ? አንድ ወጣት ተክል ለሽያጭ የሚበቃ ሥር እስኪያወጣ 5 ዓመት ይፈጅበታል ብለን እንያዝ። 3000 ወጣቶች ሁሉም ቢያድጉ እንኳ በዓመት የሚደርሱት 600 ናቸው። ሁሉም ግን አያድጉም፤ ድርቅ አለ፣ ከብት አለ፣ እሳት አለ። ከሚደርሱትም ዘር የሚጥሉ መቅረት አለባቸው። ስለዚህ ከ600ው ግማሹን፣ 300 ተክል ብቻ መቁረጥ አስተዋይነት ነው። 300 ተክል በ5 ሲካፈል 60 ኪሎ ነው። 6 ኩንታል ይገዛበት ከነበረው ተዳፋት በዓመት ሊወጣ የሚገባው 60 ኪሎ፣ የዚያው አንድ አሥረኛ ሆነ ማለት ነው።

ከቁጥሩ ሁሉ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ግን የቡቃያዎቹ ማነስ ነው። በዱር በሚያድግ ተክል ብዙ ቡቃያ፣ ከዚያ ያነሰ ወጣት፣ ከዚያም ያነሰ ትልቅ ተክል መገኘቱ የጤና ምልክት ነው። በምሳሌያችን ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ትልልቆቹ 36፣ ወጣቶቹ 20፣ ቡቃያዎቹ 12። እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥም 60 ኪሎ እንኳ ሳይቆፈር ለጥቂት ዓመት ዘግቶ ማቆየት ይመረጣል። ቆጠራው በየሁለት ዓመቱ በዚያው መስመር ይደገም።

ጆንያው ሲከፈት

ገዢው ወደ ተዳፋቱ መሄድ የማይችልበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢሆንም ጆንያው ራሱ ጥቂት ነገር ይናገራል። ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከመካከልና ከግርጌም ዘርግቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ጥሩውን ከላይ መደርደር በማንኛውም ሸቀጥ ያለ ነው።

አብዛኛው ሥር ቀጭን ከሆነ ገና ዘር ያልጣሉ ተክሎች ተቆፍረዋል ማለት ነው። ለዚህ ዝቅተኛ ውፍረት ወስኖ በእንጨት ላይ የተቦረቦረ ቀዳዳ መለኪያ ማዘጋጀት ይቻላል። ውፍረቱ የሚወሰነው በአካባቢው አበባ የያዙ ተክሎችን ሥር ለክቶ ነው። በቀዳዳው የሚያልፍ ሥር ለማኅበሩ አይሸጥም። ሰብሳቢው ይህን አስቀድሞ ካወቀ ትንሹን ተክል አይቆፍርም። ሳያውቅ ቆፍሮ ከመጣ በኋላ መመለስ ግን ጥቅም የለውም፤ ተክሉ ሞቷልና ሰውየው ለሌላ ነጋዴ ይሸጠዋል። መለኪያው ከግዢው ወራት በፊት ለሰብሳቢዎች እንዲታደል ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

የተቆፈረበትን ወቅትም መጠየቅ ያስፈልጋል። የአበባው ኳስ ደርቆ በእጅ ሲነካ ሳይበተን የተቆፈረ ተክል ዘሩን ሳይጥል የሞተ ነው። ማኅበሩ የግዢ ጊዜውን ዘሩ ከተበተነ በኋላ ቢከፍት፣ ቢያንስ እያንዳንዱ የሞተ ተክል አንድ ጊዜ ዘር ጥሎ ያልፋል። ይህ ከሁሉም የሚቀለው እርምጃ ነው፤ የሚጠይቀው የመጋዘኑን በር ለተወሰኑ ወራት መዝጋትን ብቻ ነው። ዘሩ የሚበተንበት ወር እንደ ከፍታው ስለሚለያይ ከሌላ ወረዳ የመጣ የጊዜ ሰሌዳ አይወሰድ። የልማት ሠራተኛው በራሱ አካባቢ አይቶ ይወስን።

ሌላው ድብልቅ ነው። ተክሉ ሲመናመን የሌሎች እሾሃም ዘመዶቹ ሥር በመካከሉ ሊገባ ይችላል። ከተለያየ የጆንያው ክፍል አሥር ቁራጭ ወስዶ መስበርና ማሽተት፣ ከዚያም ጥቂት ጥቂቱን በፍም ላይ ማጤስ ነው። ቀበርቾን የሚያውቅ አፍንጫ ይለየዋል። ማኅበሩ እውነተኛነቱ የታወቀ ናሙና በታሸገ ዕቃ ቢያስቀምጥ ለማስተያየት ይረዳል። ሽታ የሌለው ቁራጭ ሲበዛ ገዢው ገንዘቡን መክሰሩ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ አካባቢ እውነተኛው ቀበርቾ እያለቀ ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ያልደረቀ ሥር በጆንያ ሲቆይ ይሻግታል። የሻገተው ሲጣል ለምንም ያልጠቀመ ተክል ሞተ ማለት ስለሆነ ይህም የብክነት ጉዳይ ነው። ሥሩ ታጥቦ፣ ተሰንጥቆ፣ በጥላ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይድረቅ። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ለጆንያ አልደረሰም።

ማኅበሩ መግዛት ቢያቆምስ?

አንዳንድ የማኅበር አመራር ይህን ሁሉ ሲሰማ «እንግዲያው ከእነጭራሹ አንግዛ» ይላል። ይህ ቀላሉ መንገድ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ብዙውን ጊዜ ተክሉን አያድነውም። ቀበርቾ ቆፍረው የሚሸጡት በአብዛኛው መሬት የጠበባቸው ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ በሩን ሲዘጋ ሥሩን ለሌላ ነጋዴ ይወስዱታል፤ ያ ነጋዴ ደግሞ ስለ ውፍረትም ስለ ወቅትም አይጠይቅም። ማኅበሩ ገዢ ሆኖ ሲቆይ ግን መለኪያ ማውጣት፣ ቦታ መመዝገብና ዋጋ መለየት ይችላል። መግዛት የሚቆመው ቆጠራው ቡቃያ የሌለበት መሆኑን ባሳየበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ጊዜም ሰብሳቢዎቹ ምን ሊሸጡ እንደሚችሉ አብሮ መታሰብ አለበት።

ከሰብሳቢዎች ጋር የሚደረገው ስምምነት አጭርና ሁሉም የሚያስታውሰው ይሁን። ተዳፋቱ በአራት ወይም በአምስት ተከፍሎ በየዓመቱ በአንደኛው ክፍል ብቻ ይቆፈራል። በተከፈተው ክፍልም ቢሆን እርስ በርስ ከሚቀራረቡ ሦስት አበባ ያዦች ሁለቱ ይቀራሉ። ጉድጓዱ በአፈር ተደፍኖ፣ ከዚያው ተክል የወደቀ ዘር ካለ በላዩ ይበተንበታል። ክፍት የተተወ ጉድጓድ በዝናብ ይሸረሸራል፤ ከብትም ይሰብራል። የትኛው ክፍል በየትኛው ዓመት እንደሚከፈት የሚወስኑት የቀበሌው ሰዎች ራሳቸው ቢሆኑ ይበጃል፤ ከውጭ የመጣ ክልከላ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጠባቂ ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል።

የመተማመን ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። የተዳፋቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ካልታወቀ ዛሬ የተወውን ተክል ነገ ሌላው እንደሚቆፍረው የሚያስብ ሰብሳቢ አንድም አይተውም፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ስለዚህ ቆጠራና መለኪያ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ቦታ እነማን መቆፈር እንደሚችሉ ስማቸው መታወቅ አለበት።

ከጓሮ የመጣ ቀበርቾ

ዘላቂው መንገድ ገበያው የሚፈልገውን ቀበርቾ ከተተከለ ማሳ ማግኘት ነው። ለዚህ ዘር ያስፈልጋል። የአበባው ኳስ ደርቆ መፈረካከስ ሲጀምር በከረጢት ተሸፍኖ ይቆረጣል፤ እሾሁ እጅን ስለሚወጋ ወፍራም ጨርቅ ወይም ጓንት ያስፈልጋል። ዘር መስሎ ከሚታየው ውስጥ ባዶ ገለባ ሊኖር ይችላል፤ ነፍሳት የበሉትም ይኖራል። በጣት ሲጫኑት የሚጠነክረውና ሲሰነጠቅ ነጭ ፍሬ ያለበት ብቻ ተመርጦ ይወሰድ። ይህን ሳያጣሩ የዘሩ ሰዎች «ቀበርቾ በዘር አይበቅልም» ብለው ሊተዉት ይችላሉ፤ የዘሩት ግን ገለባ ይሆናል። ከአንድ ቦታ ዘሩን ሁሉ ጠርጎ መውሰድም እንደ መቆፈር ያለ ጉዳት ስላለው፣ ከየተክሉ ጥቂት ኳስ ብቻ ተወስዶ ቀሪው በቦታው ይተው።

ውኃ በማይተኛበት በለሰለሰ መደብ ላይ፣ ዘሩ በስሱ አፈር ለብሶ ይዘራ። ቡቃያው ሲጠነክር በክረምቱ መግቢያ ወደ ማሳ ይዛወር። ሥሩ ወደ ታች የሚወርድ ስለሆነ ሲነቀል እንዳይሰበር ከነአፈሩ መነሳት አለበት። ድንጋያማ ወይም ጥልቀት የሌለው አፈር ሥሩን ያጣምመዋል፤ መቆፈሩንም ያከብደዋል። እሾሃም በመሆኑ በአጥር ዳርና በእርከን ጫፍ መትከሉ ቦታ ይቆጥባል። የተተከለበት ዓመት በሰሌዳ ይጻፍ፤ ማኅበሩ ከላይ በስሌቱ የተያዘውን 5 ዓመት በራሱ ቁጥር ሊተካ የሚችለው ከዚህ መዝገብ ነው።

ማኅበሩ ለጓሮ ቀበርቾ ከዱሩ የተሻለ ዋጋ ቢከፍል ተገቢ ነው። ወዲያው ግን አንድ ችግር ይነሳል፤ የዱሩም ሁሉ «ከጓሮ ነው» ተብሎ ይመጣል። ሥሩን አይቶ መለየት አስተማማኝ አይደለም። የሚያዋጣው የጓሮውን ተክል መቁጠር ነው። የልማት ሠራተኛው በዓመት አንድ ጊዜ በእያንዳንዱ አምራች ጓሮ ያለውን ለቁፋሮ የደረሰ ተክል ቆጥሮ ይመዝግብ። አንድ አምራች 200 የደረሰ ተክል ካለው፣ በቀደመው ሚዛን በ5 ሲካፈል ሊያቀርብ የሚችለው 40 ኪሎ ያህል ነው። ሁለት ኩንታል ይዞ ከመጣ ቀሪው ከየት እንደ መጣ ይጠየቃል። የጓሮ ተክል በደንብ ተኮትኩቶ ሥሩ ከዱሩ ሊወፍር ስለሚችል ጥቂት ልዩነት ሲገኝ ሰውን መወንጀል አያስፈልግም፤ እጥፍ ሲሆን ግን ምክንያት አለው።

ስለ ሕግና ስለ ሩቅ ገዢ

በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገራችንን የተክል ጄኔቲክ ሀብት ለምርምርና ለአዲስ ምርት ሥራ ለማግኘትም ሆነ ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። አዋጁ የአካባቢውን ሕዝብ የቆየ አጠቃቀምና ለቀጥታ ፍጆታ የሚደረገውን የገበያ ሽያጭ አይከለክልም። ስለዚህ ሥሩን በገበያ የሚሸጥ ገበሬ ሕግ አልጣሰም። የዘር ናሙና ወይም ብዙ ሥር ለጥናት እፈልጋለሁ የሚል እንግዳ ሲመጣ ግን ማኅበሩ አስቀድሞ ፈቃዱን ማየት አለበት።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት፣ በምኅጻሩ ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለመጥፋት የተጋለጡ ተክሎችና እንስሳት ከአገር ወደ አገር ሲሸጡ ይቆጣጠራል። ቅርፊቱ ለመድኃኒት የሚፈለገው ጥቁር እንጨት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በስምምነቱ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላለ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ቀበርቾ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ አልተመናመነም» ማለት ስሕተት ነው። ዝርዝሩ የሚመለከተው የአገሮችን ንግድ ሲሆን፣ ቀበርቾ የሚያልቀው በአብዛኛው ለአገር ውስጥ ገበያ ነው።

ከውጭ የሚመጡ ገዢዎች አንዳንድ ጊዜ ፌርዋይልድ የሚባለውን ከዱር ለሚሰበሰቡ ተክሎች የወጣ ደረጃ ይጠይቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ መድኃኒት ተክሎች አመራረትና አሰባሰብ መመሪያ አውጥቷል። የእነዚህ ጥያቄ ፍሬ ነገሩ ከላይ የተባለው ነው፤ ምን ተክል፣ ከየት፣ መቼ፣ ስንት፣ ምን ያህል ቀረ። ቆጠራውንና መዝገቡን የያዘ ማኅበር ለምስክር ወረቀቱ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ምስክር ወረቀቱ ራሱ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ግን ገዢው ሳይታወቅ አስቀድሞ መግባት አይመከርም።

በከተማ ችርቻሮ የሚገዛው ሰው ተዳፋቱን አያይም። ባለ ሱቁን «ይህ ከየት ወረዳ ነው? የተተከለ ነው ወይስ የዱር?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ባለ ሱቁ ሊመልስ የሚችለው ጆንያው ከመጋዘን ሲወጣ መረጃ ይዞ ከወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጆንያ አፍ ላይ ጠንካራ ወረቀት ይታሰር። በወረቀቱም የሰብሳቢው መለያ ቁጥር፣ የተዳፋቱ ወይም የጓሮው ስም፣ የተቆፈረበት ወር፣ የደረቅ ክብደቱ፣ «ዱር» ወይም «ጓሮ» የሚለው ይጻፍ። ግልባጩ በማኅበሩ ደብተር ይቀር። ከሁለት ቦታ የመጣ ሥር በአንድ ጆንያ አይደባለቅ፤ መጋዘኑ ቢጠብም ጆንያውን ግማሽ አድርጎ መስፋት ይሻላል።